ወበቅና ቁር በአንድ የእጅ ሻንጣ

*ጥያቄ፦ ለሁለት ሳምንት ጉዞ ልወጣ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት የማሳልፈው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፤ 33 ዲግሪና ወበቅ ነው አሉኝ። ሁለተኛው ሳምንት ተራራ ላይ ያለ ከተማ ነው። እዚያ ሌሊቱ ዜሮ ይገባል፣ ቀኑም ከ8 ዲግሪ አያልፍም፣ ዝናብም አለው። አንድ ምሽት የእራት ግብዣ አለብኝ። የተፈቀደልኝ አንድ የእጅ ሻንጣ፣ 8 ኪሎ ብቻ ነው። ካፖርቴን ካስገባሁ ለሌላው ቦታ የለም። ካስቀረሁት ደግሞ ብርዱን ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?*

ካፖርቱ ይቅር። ብርዱን ግን አይናቁት፤ በሌላ መንገድ እንመክተዋለን።

ወፍራም ካፖርት ብዙ ጊዜ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ከተፈቀደልዎ 8 ኪሎ ሩቡን ወሰደ ማለት ነው። ያውም የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይሠራ። በሁለተኛው ሳምንትም ቢሆን የሚመቸው ለአንድ ዓይነት ብርድ ብቻ ነው። ጠዋት በዜሮ ዲግሪ ቆመው አውቶቡስ ሲጠብቁ ጥሩ ነው። ቀን ላይ ዳገት ሲወጡ ግን ያልብዎታል። ያወልቁታል፣ በክንድዎ ይይዙታል፣ ላብዎ ቀዝቅዞ መልሶ ያንቀጠቅጥዎታል።

ሰውነታችንን የሚያሞቀው በልብስ መካከል ተይዞ የቆመ አየር ነው። ያንን አየር በአንድ ወፍራም ልብስ መያዝ ይቻላል፤ ተደራርበው በሚለበሱ ሦስት ስስ ልብሶችም ይቻላል። ሦስቱ ስሶች ክብደታቸው ከካፖርቱ ግማሽ አይሞላም። ደግሞም አንድ በአንድ ይቀነሳሉ፣ ይጨመራሉ። ስለዚህ ሲያሽጉ “የሙቀት ልብስ” እና “የብርድ ልብስ” ብለው ሁለት ክምር አይሥሩ። ሻንጣ የሚሞላው በዚህ ነው። አንድ ክምር ብቻ ይሥሩ። በጠረፍ ላይ ለብቻው የሚለብሱት ቲሸርት፣ ተራራው ላይ ከሌሎቹ ልብሶች ሥር ይደረባል። በጣም በሚበርደው ጠዋት የያዙት ልብስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰውነትዎ ላይ ነው፣ ሻንጣው ባዶ ነው። ያሸጉት ልክ መሆኑን የሚያውቁት በዚያ ነው።

ከውስጥ እንጀምር። ቆዳዎን የሚነካው ስስ ባለረጅም እጅጌ ነው። ከቻሉ ሜሪኖ ከሚባለው የበግ ዝርያ የሚገኝ ሱፍ ይሁን። የሜሪኖ ክር በጣም ቀጭን ስለሆነ እንደ ሌላው ሱፍ አይኮሰኩስም። ላብን ወደ ውስጡ ስቦ ይይዛል፣ ሽታም ቶሎ አይዝም። ሌሊት ተንጠልጥሎ ንፋስ ሲያገኘው ጠዋት እንደገና ይለበሳል። ሜሪኖ ውድ ከሆነብዎ የስፖርት ፖሊስተር ይበቃል። እሱ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን በአንድ ቀን ይሸታል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። ጥጥ ግን ለዚህ ቦታ አይሆንም። ጥጥ ላቡን ጠጥቶ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። እርጥብ ልብስ በ5 ዲግሪ ቆዳ ላይ ሲለጠፍ ሙቀትዎን ይመጠዋል።

በላዩ ስስ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይመጣል። በሹራቡ ላይ ቀጭን የላባ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝናብና ንፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት። ይህ የመጨረሻው እንዲሁ ሲያዩት ምንም የሚያሞቅ አይመስልም። ሥራው ግን ከሥሩ ያለው የሞቀ አየር በንፋስ እንዳይወሰድ መዝጋት ነው። ላባውንም ከዝናብ ይጠብቃል። ላባ ከረጠበ ይጠቀለላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ለመድረቅም ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። የሚሄዱበት ከተማ በየቀኑ የሚዘንብበት ከሆነ ከላባ ይልቅ በሰው ሠራሽ ጥጥ መሰል ነገር የተሞላ ጃኬት ይሻላል። ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ረጥቦም በተወሰነ ደረጃ ያሞቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው። እያንዳንዱን ጃኬት ለብቻው ለክቶ፣ በቲሸርት ላይ “ልክ ነው” ብሎ ይገዛል። ከዚያ የዝናቡን ጃኬት በላባው ላይ ሲደርበው ይጠበዋል። የጠበበ ጃኬት ላባውን ይጨፈልቀዋል። ሲጨፈለቅ ደግሞ በውስጡ የያዘው አየር ይወጣል። ሰውየው አራት ልብስ ለብሶ እንደ ሁለት ልብስ ይበርደዋል፤ ለምን እንደሆነም አይገባውም።

ስለዚህ ከማሸግዎ ከሦስት ከአራት ቀን በፊት ቤትዎ ውስጥ ሁሉንም ደርበው ይልበሱ። ባለረጅም እጅጌውን፣ ሹራቡን፣ የላባውን፣ የዝናቡን። ዚፑን እስከ አንገት ይዝጉ። ሁለቱንም ክንድዎን ወደ ላይ ያንሡ። የእጅጌው ጫፍ ከእጅ አንጓዎ ላይ ሸሽቶ ከሄደ ወይም ትከሻዎ ላይ ያለው ስፌት ከያዘዎት የላይኛው ጃኬት ጠቧል። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማዎን ማሰሪያ ይሰሩ። ደረትዎ ላይ ሲጨንቅዎ ከተሰማዎት እንደዚያው ነው። መፍትሔው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ የዝናብ ጃኬት ነው፤ ሌሎቹ በልካቸው ይሁኑ። መግዛት ካልፈለጉ ሰውነቱ ገዘፍ ካለ ዘመድ ይዋሱ።

ከወገብ በታችም ነገሩ ያው ነው። ጂንስ ይቅር። ይከብዳል፣ ከረጠበ ቀን ሙሉ አይደርቅም፣ ወበቅ ውስጥ ጭን ላይ ይለጠፋል። ሁለት ስስ ሱሪ ይበቃል፤ አንዱን ለብሰው ይሄዳሉ። ተራራው ላይ ከሱሪው ሥር ታይት ይለብሳሉ። ታይቱ 170 ግራም ገደማ ነው፣ ሲጠቀለል ጫማ ውስጥ ይገባል። ሌሊትም የመኝታ ልብስ ይሆንልዎታል። ወንድም ሴትም ይልበሰው፤ ከሥር ማን አየው። ስለዚህ ለብቻው ፒጃማ መያዝ አያስፈልግም፦ ጠረፉ ላይ በቁምጣና በቲሸርት ይተኛሉ፣ ተራራው ላይ በታይትና በባለረጅም እጅጌው።

ጫማ ላይ ጨከን ይበሉ፣ ምክንያቱም ከጫማ የበለጠ ቦታ የሚበላ ዕቃ የለም። አንድ የተዘጋ ጫማ እግርዎ ላይ፣ አንድ ቀላል ሸበጥ ሻንጣ ውስጥ፤ በቃ። የተዘጋው ጫማ ጠቆር ያለ ቀለም ቢሆን ለእራቱም ይወጣል። የላይኛው ክፍሉ ወንፊት የሚመስል የሩጫ ጫማ ግን አይሆንም፤ ንፋሱና ዝናቡ በቀጥታ ይገባል። ቆዳ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይምረጡ። ሲለኩት በስስ ካልሲ ብቻ ሳይሆን ለብርዱ ባሰቡት ወፍራም ካልሲ ይለኩት። ጣቶችዎ ውስጡ መንቀሳቀስ ካልቻሉ ካልሲው እያሞቀ ሳይሆን እያጠበበ ነው፤ ደም ወደ ጣት በደንብ አይደርስም፣ እግርዎም ይቆፈናል።

ኮፍያ፣ ጓንትና የአንገት ልብስ አይርሱ። ሦስቱም ተደምረው 200 ግራም ገደማ ናቸው። ክብደታቸው ትንሽ ሆኖ ብዙ ያሞቃሉ።

አሁን ስንት ስንት ልያዝ ወደሚለው እንምጣ። ለ14 ቀን 14 ቲሸርት መያዝ የለብዎትም። የሚያሽጉት ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ነው፤ ቀሪውን ውሃና ሳሙና ይሸፍነዋል። አራት ቲሸርት ከለበሱት ጋር፣ አምስት የውስጥ ሱሪ፣ አራት ጥንድ ካልሲ ከእነዚህ አንዱ የሱፍ፣ አንድ ስስ ባለኮሌታ ሸሚዝ፣ አንድ ቁምጣ። ቀለማቸው እርስ በርሱ የሚስማማ ይሁን። የትኛውም የላይ ልብስ ከየትኛውም ሱሪ ጋር መሄድ አለበት። ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ የሚለበስ ሸሚዝ ምንም ያህል ቢያምር ቤት ይቅር።

ለእራቱ ለብቻው ልብስ አይያዙ። ባለኮሌታው ሸሚዝ ወይም ቀለል ያለች ቀሚስ፣ ጠቆር ያለው ሱሪ ወይም ታይት፣ ስሱ ሹራብ ከላይ። ሹራቡን ሲመርጡ ግብዣ ላይ የማያሳፍር ይሁን፤ የስፖርት ዓርማ የተጻፈበት አይሁን። ግብዣው ሙሉ ሱፍና ክራቫት ከጠየቀ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ኮቱን ለብሰው ይጓዛሉ፣ ከሹራቡና ከላባው ጃኬት አንዱ ይቀነሳል።

ስለ ማጠብ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ዕቅዱ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሰው ልብስ አይደርቅም ብሎ የሚፈራው በብርዱ ከተማ ነው። ያስቸገረኝ ግን ሁልጊዜ ጠረፉ ነው። ወበቅ ማለት አየሩ ራሱ በውሃ የተሞላ ነው፤ ከልብስዎ የሚወጣውን እርጥበት የሚቀበልበት ቦታ የለውም። በ33 ዲግሪ የተሰጣ ቲሸርት በማግስቱም ረጠብ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በብርዱ ከተማ ግን ማሞቂያ ያለው ክፍል ውስጥ አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ስስ ልብስ ሌሊቱን ይደርቃል። ማሞቂያው ላይ ግን በቀጥታ አያልብሱት፤ በተለይ የኤሌክትሪክ ከሆነ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አጠገቡ ወንበር ላይ ይስጡት።

ጠረፉ ላይ እንዲህ ያድርጉ። በእጥበቱ ቀን ማታ የተጠራቀመውን ቲሸርትና የውስጥ ልብስ አብረው ይጠቡ። ውሃውን በእጅ ጭመቁ፣ ግን ሱፉን አይጠምዝዙት፣ ቅርጹን ያጣል። ከዚያ ደረቅ ፎጣ አልጋ ላይ ይዘርጉ። ልብሱን በፎጣው ላይ አስተኝተው አብረው ጠበቅ አድርገው ይጠቅልሉት፤ ጥቅሉን በጉልበትዎ ይጫኑት። ፎጣው ከልብሱ የሚጠጣው ውሃ ያስገርማል። ይህን ያደረገና ያላደረገ ሰው ልብስ በመድረቅ በብዙ ሰዓት ይለያያሉ። ቀጥሎ ቬንትሌተር ወይም ኤርኮንዲሽነር ፊት ይስቀሉት። ኤርኮንዲሽነር አየሩን ስለሚያደርቅ ከሰገነት ይልቅ እዚያ ይሻላል።

መድረቁን በእጅ መዳሰስ አያስተማምንም። የቲሸርቱን ስፌት፣ በተለይ የብብቱንና የታችኛውን ጫፍ፣ ከንፈርዎ ላይ ያስጠጉት። ከቀዘቀዘዎት ገና እርጥብ ነው። ስፌት ድርብ ጨርቅ ስለሆነ መጨረሻ የሚደርቀው እሱ ነው። እርጥቡን ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ከከተቱት በማግስቱ ሌላውም ልብስ ይሸታል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ቀን ምልክት ያድርጉበት። ከጠረፍ ወደ ተራራ የሚሄዱበት ቀን 8ኛው ከሆነ የመጨረሻው እጥበት 6ኛው ቀን ማታ ነው፤ 7ኛው ቀን አይታጠብም። ልብሱ ሁለት ሌሊት አግኝቶ በእርግጠኝነት ደርቆ ይሸጋል። በፊት ደግሞ 3ኛው ቀን አንዴ ታጥቧል። ተራራው ላይ 10ኛውና 12ኛው ቀን ይበቃል፤ በብርድ ብዙ አያልብም።

በዚያ የሽግግር ቀን የሻንጣው አደራረግ ይለወጥ። የብርዱ ዕቃ ከላይ፣ ዚፑ እንደተከፈተ የሚገኝ ይሁን። የአውሮፕላን በር ሲከፈት 3 ዲግሪ ሆኖ ሸሚዝ ብቻ ለብሰው ሰው መሀል ቆመው ሻንጣ መበርበር ከባድ ነው። ሹራቡንና የላባውን ጃኬት ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ይልበሱ።

አሁን ሚዛኑ ላይ እናውጣው። እዚህ ላይ የዘረዘርኩት ልብስ፣ ሸበጡን ጨምሮ፣ የሚለብሱትን አንድ ሱሪ፣ አንድ ቲሸርትና ጫማ ሳይቆጠር፣ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመጣል። የንጽሕና ዕቃ፣ ቻርጀር፣ መድኃኒትና ወረቀት 1 ኪሎ ተኩል እንበል። 5 ኪሎ ሆነ። ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ ባዶውን 3 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ድምሩ ልክ 8 ይሆናል፣ አንዲት ነገር ቢጨምሩ ያልፋል። ለስላሳ የጀርባ ቦርሳ ግን 1 ኪሎ ከ200 ግራም የሚመዝን አለ። በእሱ 6 ኪሎ ከ200 ነው፤ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ትርፍ ይኖርዎታል። “ከልብሱ ምን ልቀንስ” ብለው ከመጨነቅዎ በፊት ባዶውን ሻንጣ ይመዝኑት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ወገብ ወይም ትከሻ የሚያምዎ ከሆነ ግን ጎማውን አይተዉ፤ ከሌላው ይቀንሱ።

አየር የሚያስወጡ መጭመቂያ ከረጢቶች ብዙ ሰው ይወዳል። እኔም እጠቀማለሁ፣ ለላባው ጃኬትና ለሹራቡ ብቻ። ለሁሉም ሲሆኑ ግን ያታልላሉ። ቦታ ይቀንሳሉ፣ ክብደት አይቀንሱም። “ቦታ ተረፈ” ብለው ሲሞሉት ሚዛኑ ላይ ይጋለጣሉ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ፈሳሽ ነገር እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ ሁሉም በአንድ ባለ 1 ሊትር ግልጽ ከረጢት ይሁን። ደንቡ ላላ ያለባቸው ኤርፖርቶች አሉ፣ ግን በመመለሻዎ ያለው ላላ ላይል ይችላል። ደረቅ ሳሙና ፈሳሽ አይባልም፤ ገላም ልብስም ያጥባል። ፓወር ባንክ ከእርስዎ ጋር እንጂ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይገባም። አውሮፕላኑ ሞልቶ በር ላይ “ሻንጣው ወደ ታች ይውረድ” ካሉዎት ፓወር ባንኩን፣ መድኃኒቱን፣ ፓስፖርቱንና የላባውን ጃኬት አውጥተው ይያዙ። ለዚህ የምትሆን ታጣፊ ስስ ከረጢት ከላይ ኪስ ውስጥ ትቀመጥ።

“ለክፉም ለደጉም” ብለው የሚጨምሩትን ነገር ደግሞ አንድ በአንድ ይጠይቁት፦ ባይኖረኝ እዚያው በአንድ ሰዓት ውስጥ ገዝቼ ወይም ተበድሬ አገኘዋለሁ? ጃንጥላ፣ ፎጣ፣ ተጨማሪ ቲሸርት ሁሉ ይገኛል። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትና የዓይን መነጽር ግን አይገኝም፤ ከእነዚህ መጠባበቂያ ይያዙ።

ይህ አደራረብ የሚሠራው እርስዎ በነገሩኝ ብርድ ነው፤ ዜሮ፣ ዜሮ ወርዶም ጥቂት ዝቅ ቢል፣ እየተንቀሳቀሱ። ከመነሣትዎ ከሁለት ቀን በፊት ትንበያውን እንደገና ይዩ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ካለ፣ ወይም በረዶ ላይ ብዙ የሚሄዱ ከሆነ፣ ወይም ከቤት ውጭ ለሰዓታት ቆመው የሚውሉበት ፕሮግራም ካለ፣ ያኔ ካፖርቱ ይመጣል። ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ክንድዎ ላይ አድርገው ይሳፈሩ፣ ከራስዎ በላይ ባለው መደርደሪያ ያስቀምጡት። ካፖርቱ ከመጣ የላባው ጃኬት ይቀራል፣ ሁለቱን አይያዙ።